ለልጆች መመዝገቢያ ስትቆጥቡ ስሌቱ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው

አምና ነሐሴ፣ ባሕር ዳር ዝናቡ ሲወርድ፣ ጎረቤቴ ቡና ላይ ደብተሯን ገለጠችልኝ። በየወሩ 3,556 ብር፣ አንዱንም ሳትዘል አስቀምጣለች። ግን ለሁለት ልጆቿ መመዝገቢያ ከ11,000 ብር በላይ ጎደላት። በጣም አዘንኩ፤ ገንዘቡን ሳትነካ ስሌቱ ነው የከዳት።

የመጀመሪያው ስህተት ወር መቁጠር ነው። ከታኅሣሥ እስከ ነሐሴ 9 ወር ብላ አካፈለች። ትምህርት ቤቱ ግን ክፍያውን የሚፈልገው ነሐሴ 20 ነው፣ የእሷ ደመወዝ ደግሞ የሚገባው በወሩ መጨረሻ። ስለዚህ የነሐሴው ደመወዝ አይደርስም፤ የቀሩት 8 ናቸው። ወሩን ትታችሁ ከቀነ ገደቡ በፊት እጃችሁ የሚገቡትን ደመወዞች በጣት ቁጠሩ። ጳጉሜንም እርሱት፣ ደመወዝ የለውም።

ሁለተኛው የፊተኛውን ዓመት ዋጋ መያዝ ነው። ያኔ ለሁለቱ ልጆች ምዝገባ 4,000፣ የመጀመሪያው ተርም 24,000፣ ዩኒፎርምና ደብተር 10,000፣ ድምር 38,000 ወጥቶ ነበር። እሷም ይህንኑ ይዛ፣ በእጇ ያለውን 6,000 ቀንሳ፣ 32,000 ለ9 አካፈለች። አምና ግን 20 በመቶ ጨምሮ 45,600 ሆኖ ጠበቃት። ቀድማ ጭማሪውን አስባ ቢሆን 39,600 ለ8፣ በወር 4,950 ይደርሳት ነበር። አዲሱ ዋጋ ካልተነገራችሁ እናንተው ገምታችሁ ጨምሩ፣ በተነገራችሁ ቀን ደግሞ የቀረውን በቀሩት ደመወዞች እንደገና አካፍሉ። የዓመቱን ክፍያ በሙሉ ግን አትደምሩ፤ ግቡ በዚያ ቀን የሚከፈለው ብቻ ነው፣ ሌላው ተርም የራሱ ጊዜ አለው።

ወለዱ ይሞላልኛል ማለትም አለ። ባንኩ በዓመት 7 በመቶ ቢከፍል 39,600 ላይ 2,772 ብር አገኛለሁ ይላሉ። አይደለም። የታኅሣሡ ብር ስምንት ወር ገደማ ይቀመጣል፣ የሐምሌው ግን 20 ቀን ብቻ ነው። በትክክል ሲሰላ ከየወሩ ቁጠባ የሚገኘው ወለድ 1,000 ብር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ስሌቱ ውስጥ አታስገቡት፣ ሲመጣ ለስክርቢቶና ለቦርሳ ይሆናል።

የመጨረሻው ብዙ ሰው የሚወድቅበት ነው፤ ሁሉም ወር እኩል ነው ብሎ ማሰብ። ፋሲካ ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ሲውል በጉን፣ ዶሮውን፣ ቅቤውን የሚገዛው የመጋቢት ደመወዝ ነው። 4,950 እያስቀመጣችሁ መጥታችሁ መጋቢት ላይ ብታጡ፣ የቀረው 24,750 በአራት ደመወዝ ይከፈላል፤ በወር 6,188 ይሆናል፣ ያ ይከብዳል። መጋቢትን ከመነሻው ብታወጡት ግን 39,600 ለ7፣ ማለትም 5,658 ነው። ጎረቤቴ ዘንድሮ እንዲህ አድርጋለች፤ ደብተሯ ላይ መጋቢት አጠገብ «በግ» ብላ ጽፋ ከበበችበት።