ኤቲኤም ካርዳችሁን ሲውጥባችሁ የመጀመሪያዋን ሰዓት እንዲህ ተጠቀሙባት

ባለፈው እሁድ ጠዋት አንዲት ልጅ ደወለችልኝ። ወደ ውጭ አገር ከመጣች ገና አራት ወሯ ነው። «ጋሼ፣ ማሽኑ ካርዴን ዋጠብኝ፣ ምን ይሻለኛል?» አለችኝ። መቼ ነው አልኳት። «አርብ ማታ።» ሁለት ሌሊት አሳድራ ነው የምትጠይቀኝ። ለምን ዝም አልሽ ብላት፣ «ማሽኑ ውስጥ ነው ያለው፣ ማን ያወጣዋል ብዬ ነው» አለችኝ። ይህን መልስ ከስንት ሰው እንደሰማሁት ቁጥሩ ጠፍቶኛል። እኔም በጊዜዬ ብዬዋለሁ፤ የአንድ ወር የቤት ኪራይ አስከፍሎኛል። ስለዚህ አሁን አንዴ በደንብ ልጻፈው።

የእኔ እንዲህ ነበር። ቅዳሜ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ግድግዳ ላይ ካለ ማሽን ገንዘብ ላወጣ ካርዴን አስገባሁ። ካርዱ ገባ፤ ማሽኑ ግን ምንም አላለም። ስክሪኑ አሁንም «ካርድዎን ያስገቡ» ይላል። ከኋላዬ ተራ የሚጠብቅ ሰው ቀረብ አለና፣ «እኔንም ትናንት እንዲህ አድርጎኝ ነበር፣ የሚስጥር ቁጥርህን ድጋሚ ምታና ሰርዝ የሚለውን ተጫን» አለኝ። እንዳለኝ አደረግኩ። ካርዱ አልወጣም። ሰውየው አዝኖልኝ «ሰኞ ባንኩ ሲከፈት ይሰጡሃል» አለኝ፤ አመስግኜው ወደ ቤቴ ሄድኩ። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከ40 ላይ የቀኑ ጣሪያ ያህል ገንዘብ ወጣ። ከ6 ሰዓት ከ5 ላይ ደግሞ ሌላ ያንኑ ያህል። 6 ሰዓት ሲያልፍ ቀኑ ይቀየራል፣ የቀን ገደቡም እንደ አዲስ ይጀምራል። ሌባው ይህን ያውቃል፤ እኔ አላውቅም ነበር።

ካርዱን የዋጠው ማሽኑ አልነበረም። የካርድ ማስገቢያው ውስጥ ቀጭን የፕላስቲክ ቁራጭ ተሰክቶ ነበር። ካርዱ እዚያ ተይዞ ይቀራል፣ ባለቤቱ ተስፋ ቆርጦ ሲሄድ ሌባው ፕላስቲኩን ስቦ ካርዱን ያወጣዋል። የሚስጥር ቁጥሩን ደግሞ ከጎንህ ቆሞ ሲመክርህ አይቶታል።

መለየት ይቻላል። ማሽኑ ራሱ ካርድ የሚያስቀረው የሚስጥር ቁጥር ደጋግማችሁ ስትሳሳቱ፣ የወጣውን ካርድ ቶሎ ሳትወስዱ ስትቀሩ፣ ወይም ካርዱ ቀድሞ የተዘጋ ሲሆን ነው። ያን ጊዜ ብዙውን ጊዜ ካርዱ መያዙን ስክሪኑ ላይ ይጽፋል፤ ወረቀት የሚያወጣም አለ። ካርዳችሁ ገብቶ እያለ ስክሪኑ ምንም እንዳልገባ ሰው «ካርድ ያስገቡ» ካለ ግን ጠርጥሩ። ማስገቢያው ጫፍ ላይ ክር ወይም ፕላስቲክ ብቅ ብሎ እንደሆነ እዩ። ከዚያ በኋላ ማንም ምን ቢል የሚስጥር ቁጥር ድጋሚ አትምቱ። ከማሽኑም አትራቁ፤ እዚያው ቆማችሁ ስልካችሁን አውጡ። የሚያስፈራ ሰው ካለ ብቻ ብርሃን ወዳለበትና ሰው ወደሚበዛበት ሂዱ፤ ከማንም ጋር አትታገሉ።

መጀመሪያ የባንካችሁን አፕ ከፍታችሁ ካርዱን ቆልፉት። ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፤ ይህ ስህተት ነው። መቆለፍ ማለት ካርዱ ጠፋ ብሎ ማሳወቅ አይደለም። ስለዚህ ቆልፋችሁ ወዲያው ደውሉ። ካርዱ መንገድ ላይ ወይም ታክሲ ውስጥ ቢጠፋም ያው ነው። «ምናልባት አገኘዋለሁ» እያላችሁ ኪስ መፈተሽ የምትችሉት ከቆለፋችሁ በኋላ ነው። ያለ ሚስጥር ቁጥር ነካ አድርጎ መክፈል እንደሚቻል አትርሱ።

ስልክ ቁጥሩ የሚገኘው ካርዱ ጀርባ ላይ ነው፣ ካርዱ ደግሞ የለም። ቁጥሩን ከአፑ ወይም ከባንክ ደብዳቤ ላይ ውሰዱ። ማሽኑ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ላይ ወዳለ ቁጥር አትደውሉ፤ ኢንተርኔት ላይ ፈልጋችሁ መጀመሪያ የመጣላችሁንም አትመኑ። ጀርመን ያላችሁ 116 116 ላይ ደውላችሁ ካርድ ማዘጋት ትችላላችሁ። እንግሊዝ ያላችሁ ደግሞ በ159 ከአብዛኞቹ ባንኮች ጋር ትገናኛላችሁ።

ሰው ሲያነሳላችሁ ቋንቋው ከከበዳችሁ መጀመሪያ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ የሚያቀርቡ ባንኮች አሉ። ሰዓት ስትናገሩ በእነሱ አቆጣጠር ተናገሩ። እኔ በድንጋጤ «ሦስት ሰዓት» አልኩ፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ብለው መዘገቡት። የማሽኑ ባለቤት የካሜራውን ምስል በዚያ ሰዓት ፈልጎ እኔን የሚመስል ሰው አላገኘም። ስህተቱ እስኪታወቅ ድረስ ምስሉ ጠፍቶ ነበር። የሚስጥር ቁጥራችሁን ለባንክ ሠራተኛም ቢሆን አትናገሩ። በኋላ «ከባንኩ ነው» ብሎ ማንም ቢደውልላችሁ፣ በስልካችሁ የመጣውን ኮድ አትስጡት፤ ዝጉና ራሳችሁ መልሳችሁ ደውሉ።

ስልኩን ከመዝጋታችሁ በፊት የመጨረሻዎቹን ወጪዎች ያንብቡላችሁ። የእናንተ ያልሆነ ካለ እዚያው ቅሬታ አስመዝግቡ። ካርዱ ስልካችሁ ላይም ተጭኖ ከሆነ እሱ ምን እንደሚሆን ጠይቁ። የማመልከቻ ቁጥር ተቀበሉና ከሰዓቱ ጋር ጻፉት፤ በኋላ ባንኩ «አልነገርከንም» ሲል መልሳችሁ እሱ ነው።

ይህ ሁሉ ጥድፊያ ምክንያት አለው። አሜሪካ ውስጥ የካርዱን መጥፋት ባወቃችሁ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ ካሳወቃችሁ የሚደርስባችሁ ኪሳራ ከ50 ዶላር አያልፍም፤ ከዘገያችሁ 500 ዶላር ሊደርስ፣ በጣም ከዘገያችሁም ከዚያ ሊያልፍ ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ውስጥ ከማሳወቃችሁ በፊት ለወጣው እስከ 50 ዩሮ ልትጠየቁ ትችላላችሁ፤ ካሳወቃችሁ በኋላ ለሚወጣው ግን ተጠያቂ አይደላችሁም። ከባድ ቸልተኝነት ከተገኘባችሁ ይህ ጥበቃ ይቀራል። የሚስጥር ቁጥራቸውን ጽፈው ከካርዱ ጋር ቦርሳ ውስጥ የሚያስቀምጡ ሰዎች አሁንም አሉ፤ እባካችሁ ተዉ። እኔ ካርዱ መያዙን እያወቅኩ እስከ ሰኞ ዝም ብዬ ነበር፤ ባንኩም «በትክክለኛ የሚስጥር ቁጥር ነው የወጣው» እያለ ሁለት ወር አመላለሰኝ። አብዛኛው ገንዘብ አልተመለሰም።

«ካርዱ ማሽኑ ውስጥ ከሆነ ማዘጋቱ ምን ይሠራል?» የሚል አለ። ማሽኑ የሌላ ባንክ ከሆነ የያዘውን ካርድ አብዛኛውን ጊዜ ቆርጠው ይጥሉታል፤ ሰኞ ሄዳችሁም አይሰጧችሁም። አዘጋችሁም አላዘጋችሁም አዲስ ካርድ ማውጣታችሁ አይቀርም። እስኪደርስ ድረስ ፓስፖርት ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ይዛችሁ የራሳችሁ ባንክ ቅርንጫፍ ብትሄዱ፣ ጥሬ ገንዘብ የሚሰጥ ቅርንጫፍ ከሆነ ከሂሳባችሁ ማውጣት ትችላላችሁ።

ልጅቷን ስልኩን ሳትዘጋ በሌላ መስመር እንድትደውል አደረግኳት። ሃያ ደቂቃ ሙዚቃ አሰሟት። ምንም አልወጣባትም፤ የእሷን ካርድ የያዘው በእርግጥ ማሽኑ ነበር። ልትሰናበት ስትል «አዲሱን በየት አድራሻ ነው የሚልኩት?» ብለሽ ጠይቂ አልኳት። የመጀመሪያ ወሯን ከአራት ሰዎች ጋር የኖረችበት ቤት አድራሻ ነበር፤ ከለቀቀች ሦስት ወሯ ነው። እዚያው መስመር ላይ እያለች አስቀየረችው።