ካውያ ላይ ቀልጦ የተጣበቀውን ሻርፕ እንዴት አስለቀቅኩት

ደብረ ማርቆስ ቤታችን ያለው ካውያ ላይ የፖሊስተር ሻርፕ ቀልጦ ተጣበቀበት። ጫፉ አካባቢ አውራ ጣት የሚያህል ጥቁር ንጣፍ ሠራ። ከዚያ ወዲያ የነካውን ልብስ ሁሉ ይይዛል፣ ነጭ ሸሚዝ ላይ ቡናማ መስመር ይተዋል፣ ሲግል ደግሞ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይሸታል።

መጀመሪያ ቀዝቅዞ እያለ በሎሚ፣ ቀጥሎ በአቼቶ አሸሁት። ንቅንቅ አላለም። አሲድ የውሃ ዝቃጭ ያስለቅቃል እንጂ ፖሊስተር አያሟሟም። በቢላና በሽቦ መፈግፈጉን ተውኩት፤ ብረቱን ይጭረዋል፣ ጭረቱ ደግሞ በኋላ የልብስ ክር ይይዛል።

የሠራልኝ ሙቀት ነው። ፖሊስተር የሚቀልጠው 250 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ከዚያ በታችም ግን ይለሰልሳል። ካውያውን መካከለኛ ሙቀት ላይ አድርጌ አሞቅኩት፣ ሶኬቱን ነቀልኩ፣ ወዲያው በጠፍጣፋ የእንጨት ማማሰያ ከዳር ጀምሬ ወደ አንድ አቅጣጫ ገፋሁት። እንደ ማስቲካ እየተጠቀለለ ተነሣ። ክር እየሠራ ከተሳበ ሙቀቱ በዝቷል፣ ትንሽ ጠብቁት። ከጠነከረ ደግሞ አትታገሉት፣ እንደገና አሙቁት።

ስስ ቅሪት ይቀራል። መስኮት ከፈትኩ፣ ካውያውን የጥጥ መተኮሻው ላይ አደረግኩት፣ የታጠፈ አሮጌ የጥጥ አንሶላ ላይ ጫን አድርጌ ተኮስኩ። ቡናማው ወደ ጨርቁ ይወጣል። በየጊዜው ንጹሕ ቦታ እየቀየራችሁ ጨርቁ ነጭ እስኪሆን ቀጥሉ። የእንፋሎት ቀዳዳ ውስጥ የገባውን ከቀዘቀዘ በኋላ በስቴኪኒ አወጣሁት።

ብዙዎች ጨው ላይ መተኮስን ይመክራሉ። የማያጣብቅ ቅብ ላለው ካውያ ግን ጨው አይሆንም፣ ቅቡን ይፍቀዋል።