«አረፍተ ነገሩን ብቻ አሳምርልኝ» ለሚሉ ደንበኛ የሚጻፍ አጭር ኢሜይል፦ ችግርና መፍትሄ

በባሕር ዳር የጣና የጀልባ ጉዞ የሚያዘጋጁ አንዲት ደንበኛ ቀድሞ ያሳተሙትን ብሮሹር እንደገና ለማሳተም ረቂቁን ሲልኩልኝ «ልጄ፣ ጽሑፉ አልቋል፤ አረፍተ ነገሩን ብቻ አሳምርልኝ» የሚል መልእክት አያይዘው ነበር። ብሮሹሩ ሁለት ጊዜ ታጥፎ ስድስት ገጽ የሚወጣው የተለመደው ኤ4 ወረቀት ነው። ረቂቁን ሁለት ጊዜ ካነበብኩት በኋላ ቃላቱን መንካት እንደሌለብኝ ገባኝ። ይህንን ለደንበኛዋ ለማስረዳት የጻፍኩት የመጀመሪያ ኢሜይል ግን ከብሮሹሩ የባሰ ችግር ነበረበት። ከሁለቱም የተማርኩትን በቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ።

ምልክት፦ ብሮሹሩን የያዘ ሰው በብሮሹሩ ውስጥ ያለውን ነገር ደውሎ ይጠይቃል

ደንበኛዋ ራሳቸው የነገሩኝ ቅሬታ ይህ ነበር። ጀልባው ስንት ሰዓት ይነሳል? ዋጋው ስንት ነው? ባለቤቴስ መግባት ትችላለች? ሦስቱም መልሶች በብሮሹሩ ላይ ታትመዋል። ከሁሉ የከፋው የአንድ ባልና ሚስት ጉዳይ ነው። ወደ ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴቶች እንደማይገቡ የሰሙት ከጀልባው መነሻ ላይ ደርሰው፣ ገንዘብ ከከፈሉ በኋላ ነበር። አረፍተ ነገሩ ግን በእጃቸው በያዙት ወረቀት ላይ ነበረ፤ ስለ ገዳሙ ታሪክ ከሚተርከው ክፍል ሦስተኛ አንቀጽ ውስጥ።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ስህተት መለየት ያስፈልጋል። አንባቢው መልሱን አግኝቶ በተሳሳተ መንገድ ከተረዳው ችግሩ የቃላት ነው። ለምሳሌ ለውጭ አገር እንግዳ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» የሚለው ቃል በቃል ተተርጉሞ ከሆነ፣ ሰውየው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተነስቶ ይጠብቃል ወይም ግራ ይጋባል። ይህ በአንድ አረፍተ ነገር ይታረማል። አንባቢው መልሱን ጨርሶ ካላገኘው ግን ችግሩ የአደረጃጀት ነው፤ ያንን አረፍተ ነገር የቱንም ያህል ብናሳምረው አይታይም።

ጥርጣሬ ካለ ቀላል መፈተኛ አለ። ብሮሹሩን አይቶት ለማያውቅ ሰው ሰጥቶ ሦስቱን ጥያቄዎች መጠየቅና ጣቱ የት የት እንደሚሄድ ማየት ነው። እኔ ለአንድ ጎረቤቴ ሰጠሁት። ሽፋኑን ገለጠ፣ የድርጅቱን አመሠራረት አገኘ፣ ዘለለው። መሐሉን ዘረጋ፣ ስለ ጣናና ስለ ገዳማት ታሪክ ሦስት ገጽ ሙሉ ጽሑፍ አየና ወረቀቱን ገለበጠ። ዋጋውን በጀርባው ታችኛ ጥግ ላይ ሲያገኘው ስለ መግቢያ ሥርዓቱ መፈለጉን ትቶት ነበር።

መንስኤ፦ ጽሑፉ የተደረደረው በደንበኛዋ ትዝታ ነው

ደንበኛዬ ድርጅታቸውን ሲያስቡ መጀመሪያ የሚመጣላቸው እንዴት እንደጀመሩት ነው፤ ቀጥሎ የሚወዱት ሐይቅና ገዳማቱ ናቸው፤ ዋጋና ሰዓት በመጨረሻ ይመጣል። ተጓዡ የሚያስበው በተቃራኒው ነው። ወዴት ልሂድ፣ ስንት ሰዓት ይፈጃል፣ ስንት ያስከፍላል፣ እገባለሁ ወይስ አልገባም?

ስለ ናርጋ ሥላሴ የተጻፈው አንቀጽ ከረቂቁ ሁሉ የተዋበው ነበር። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሯት ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ስለ ሥዕሎቿ የተጻፈውን እኔም በደስታ ነው ያነበብኩት። ነገር ግን ናርጋ ያለችው ደቅ ደሴት ላይ ነው፤ ደንበኛዬ የሚሸጡት ደግሞ በዘጌና በአቅራቢያ ደሴቶች የሚያበቃ የግማሽ ቀን ጉዞ ነው። ያ አንቀጽ መውጣት አለበት። ቃላቱን አስቀድሜ ባሳምር ኖሮ የማሳምረው የሚጣለውን ነበር።

ምልክት፦ ኢሜይሉን ልከው ደንበኛው ይቀየማል፣ ወይም «እሺ፣ ግን ቃላቱን ብቻ» ብሎ ይመልሳል

የመጀመሪያው ኢሜይሌ ሁለት ገጽ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። አሥራ አንድ ጉድለት ዘርዝሬ ነበር። ደንበኛዋ ደውለው «አማርኛዬ ይህን ያህል መጥፎ ነው እንዴ?» ሲሉኝ አፈርኩ። ስለ አማርኛቸው አንድም ቃል አልጻፍኩም፤ ጽሑፌ ግን እንደዚያ እንዲነበብ ያደረገው ጥፋት የእኔ ነበር። «መዋቅር» የሚል ቃል ደጋግሜ ተጠቀምኩ እንጂ ምን ከየት ወዴት እንደሚሄድ አልተናገርኩም። ምን እንዲወስኑም አልጠየቅኳቸውም።

መፍትሄ፦ አንድ ማስረጃ፣ አንድ ምክንያት፣ አንድ ጥያቄ

ማስረጃው ደንበኛው ራሱ ከሚያውቀው ነገር ይመረጥ፤ ያኔ ክርክር አይነሳም። ምክንያቱ የደንበኛውን ገንዘብና ጊዜ የሚመለከት ይሁን። ሁለተኛው ኢሜይሌ ይህ ነው፦

> ርዕስ፦ ብሮሹሩ፤ ከቃላቱ በፊት ስለ ቅደም ተከተሉ
>
> ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣
>
> ረቂቁን አንብቤዋለሁ። ተጓዥ የሚፈልገው መረጃ ሁሉ አለበት፤ ችግሩ የተቀመጠበት ቦታ ነው። ያ ባልና ሚስት ስለ ክብራን ገብርኤል የተጻፈውን ያላዩት በታሪኩ ሦስተኛ አንቀጽ ውስጥ ስለነበረ ነው።
>
> ስለዚህ ክፍሎቹን አስቀድሜ ላዘዋውር። የገዳማቱ ታሪክ ወደ አንድ ሦስተኛው ማጠር ይኖርበታል፤ ዛሬ ባሳምረው ለሚወጣውም ክፍል ይከፍላሉ።
>
> ሽፋኑ ሲገለጥ በሚታየው ገጽ ላይ መዳረሻዎቹ፣ መነሻ ሰዓቱና ዋጋው ይሁኑ። መሐሉ ላይ እያንዳንዱ ገዳም ከነመግቢያ ሥርዓቱ፣ ጀርባው ላይ የድርጅቱ ታሪክና ስልኩ ይግቡ። ለዚህ ሁለት ቀን፣ ከዚያ ለቃላቱ ሦስት ቀን ይበቃኛል።
>
> እስከ ሐሙስ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ፦ በዚህ ቅደም ተከተል ልቀጥል?

«መረጃው ሁሉ አለበት» ያልኩት እውነት ስለሆነ ነው። እውነት ካልሆነ አይጻፍ፤ የሚጎድል ነገር ካለ ስሙ ይጠራ። የድርጅቱንም ታሪክ አልጣልኩትም፤ ቦታ ሰጠሁት። ባለቤት ስለ ራሱ የጻፈው እንደሚወጣ ከጠረጠረ የቀረውን አያነብም።

ገጾቹን ስትጠቅሱ ቁጥር አትስጡ። «ገጽ 2» ለእኔ ወደ ውስጥ የሚታጠፈው ገጽ ነው፤ ለደንበኛዬ ደግሞ ከመሐሉ የግራው ነበር። ወረቀት አጥፎ እያዩ «ሽፋኑ ሲገለጥ የሚታየው» ማለት ይሻላል። ያ ገጽ እንዳይጨማደድ ከሌሎቹ በ1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ጠበብ ተደርጎ ይቆረጣል፤ የዋጋ ሰንጠረዡም በዚያ ስፋት ልክ መሠራት ስላለበት ለማተሚያ ቤቱ አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ የማይሠራበት ሁኔታም አለ። ብሮሹሩ ታትሞ በካርቶን ከተቀመጠ ማዘዋወር አይቻልም፤ የመግቢያ ሥርዓቱን በትንሽ ወረቀት አሳትሞ በውስጡ ማስገባት ነው ያለው አማራጭ።

መልሳቸው ረቡዕ ማታ ደረሰኝ። «ቀጥል። የናርጋን ግን በሙሉ አትጣልብኝ፤ ሙሉ ቀን የሚሄዱም እንግዶች አሉኝ።» ይህን እኔ አላውቅም ነበር። በመሐሉ ገጽ ግርጌ ላይ «የሙሉ ቀን ጉዞ» የሚል ጠባብ ሳጥን ከፈትኩና ከአንቀጹ ሁለት አረፍተ ነገር ወደዚያ ወሰድኩ።