ካስት አይረን ስታሰሉ ጫናዎቹን ለየብቻ አትዩ

በቅርቡ አዳማ አንድ ወርክሾፕ ውስጥ የተሰበረ የካስት አይረን ዘንግ አየሁ። ዘንጉ ይታጠፋልም፣ ይጠመዘዛልም። የመታጠፍ ጫናው 120 ሜጋፓስካል፣ የመጠምዘዙ 80 ነው። ብረቱ ሲሳብ እስከ 150 ይችላል። ለየብቻ ስታዩት ሁለቱም ከ150 በታች ናቸው። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው፤ ካስት አይረንን የሚሰነጥቀው ሁለቱ ተጣምረው የሚፈጥሩት ትልቁ የመሳብ ጫና፣ σ1፣ ነው። σ የመታጠፉ፣ τ የመጠምዘዙ ጫና ሲሆኑ፦

σ1 = σ/2 + √((σ/2)² + τ²) = 60 + 100 = 160

160 ከ150 ይበልጣል፤ ስለዚህ ይሰበራል። ስብራቱም ይመሰክራል፦ ሳይለመጥ ድንገት ቷ ብሎ ይሄዳል፣ ፊቱም ከዘንጉ ቀጥታ አቆራረጥ ወደ 27 ዲግሪ ያዘነብላል። መጠምዘዝ ብቻ ቢሆን 45 ይሆን ነበር። ጠመኔ ጠምዝዛችሁ ስበሩ፣ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

ዲያሜትሩን 1.5 እጥፍ ብታደርጉት ጫናው ወደ 47 ይወርዳል፤ እኔ ለካስት አይረን ከዚህ ያነሰ መጠባበቂያ አልመርጥም።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። በዚያው ቦታ ያለው የመጨመቅ ጫና (እዚህ 40 ብቻ ነው) ከመሳቡ ከበለጠ ይህ ስሌት ያሳስታል። ያኔ የሞር ዘዴን ተጠቀሙ።