የዴሪቫቲቭ መልስ በምልክት ሲበላሽ እንዴት እንደያዝነው

አዘዞ የማስጠናቸው የ12ኛ ክፍል ልጆች ኮሸንት ሩልን በቃላቸው ያውቁታል። መልሳቸው ግን ከመልስ ቁልፉ ጋር አልገጥም ብሎ ቀናት ፈጀብን። ሕጉን ደጋግመን ጻፍነው፣ ስሌቱን ከላይ እስከ ታች አነበብነው። ምንም አልተገኘም። ዓይን የለመደውን ስህተት ያልፈዋል።

ያስቸገረን ይሄ ነበር፦

```
f(x) = (2x+1)/(x²-3)
```

ልጆቹ ላይኛውን ክፍል እንዲህ ዘረዘሩት፦

```
2x² - 6 - 4x² + 2x
```

ታችኛው (x²-3)² ነው፤ እሱ ልክ ነው።

መፍትሔው በቁጥር መፈተን ሆነ። x=2 ላይ የእነሱ መልስ -10 ይሰጣል። ከዚያ በካልኩሌተር ከ2 ግራና ቀኝ ያለውን ዋጋ አወጣን፦

```
f(2.001) ≈ 4.982067
f(1.999) ≈ 5.018067
(4.982067 - 5.018067)/0.002 = -18
```

-10 እና -18 በፍጹም አይቀራረቡም። ስለዚህ ስህተቱ የእኛ ነው፣ የመልስ ቁልፉ አይደለም። ጥፋቱ የመቀነስ ምልክቱ ጋ ተገኘ። -(2x+1)(2x) ሲፈታ መቀነሱ ለ4x² ብቻ ደርሶ 2xን ዘሏታል። መጀመሪያ -(4x²+2x) ብሎ በቅንፍ መጻፍ፣ ከዚያ ቅንፉን መፍታት ነው። ትክክለኛው -2x²-2x-6 ሲሆን x=2 ላይ -18 ይሰጣል።

x=0 ላይ አትፈትኑ። እዚያ 2x ስለሚጠፋ ትክክሉም ስህተቱም እኩል -6/9 ይሆናሉ። ካልኩሌተሩ ላይም ላይኛውንና ታችኛውን ለየብቻ በቅንፍ አስገቡ። ሳይን ወይም ኮሳይን ካለበት ደግሞ ራዲያን ላይ መሆኑን እዩ፤ ዲግሪ ላይ ከሆነ ልክ የሆነውንም መልስ ስህተት ያስመስለዋል።