ሺፍት ስትገቡ ከቡድኑ ጋር ካልተናበባችሁ መጀመሪያ ሰዓቱን እዩ

ዋይፋዩ መሥራቱን፣ ቻርጀሩ መሰካቱን ታውቃላችሁ፤ እሱን አልደግምም። ደሴና ኮምቦልቻ ቤታቸው ሆነው ለውጭ ድርጅት የሚሠሩ ልጆች ጠዋት ሲደውሉልኝ አብዛኛው ጥፋት የሰዓት ነው። ኔትወርኩ በከንቱ ይሰደባል።

ምልክት፦ መልእክት አይጮህም፣ ከሰዓት በኋላ ግን ይዘንባል

ሺፍታችሁ ጠዋት 3 ሰዓት ይጀምራል። ሌሊት የሠራው ልጅ ርክክቡን ጽፎ፣ ስማችሁን ጠርቶ፣ «ይሄን ደንበኛ ቶሎ ያዘው» ብሏል። እናንተ ጋ ድምፅ የለም። ዝም ስላለ ሰላም ነው ብላችሁ ሌላ ሥራ ታነሣላችሁ። ልክ 8 ሰዓት ሲሆን ስልኩም ላፕቶፑም መጮህ ይጀምራል።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ ስትገዙ ሻጩ «ሰዓቱን በሀበሻ አድርጌልሃለሁ» ይላል። ያደረገው የሰዓት ቀጠናውን ብራዚል ላይ ማስቀመጥ ነው። የብራዚሊያ ሰዓት ከእኛ 6 ሰዓት ወደኋላ ስለሆነ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ስክሪኑ 3:00 ያሳያል፤ ዓይን ይስማማዋል። ኢንተርኔቱ ይከፈታል፣ ገጽ አይበላሽም፣ ስለዚህ ማንም አይጠረጥርም። የቡድኑ መልእክት መተግበሪያ ግን ብራዚል ያላችሁ ይመስለዋል፤ ለእሱ ገና ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ማሳወቂያ ከ22:00 እስከ 8:00 ዝም እንዲል ከተደረገ፣ የብራዚል 8:00 የእኛ 8 ሰዓት ከቀኑ ነው። የሥራ ባልደረቦቻችሁም ስማችሁን ሲነኩ «አሁን እሱ ጋ ሌሊት ነው» የሚል ያያሉ፤ አዝነው ሥራውን ለሌላ ይሰጡታል።

አንዱ የኮምቦልቻ ልጅ በዚህ ምክንያት ከአለቃው «ጠዋት ጠዋት የት ነው የምትጠፋው?» ተባለ። ልጁ ሲም ቀየረ፣ ራውተር ገዛ፣ ጣሪያ ላይ ወጣ። ሲደውልልኝ «አብሽር፣ መጀመሪያ ዊንዶውሱ ላይ cmd ክፈትና አንድ ትዕዛዝ ጻፍልኝ» አልኩት።

```
tzutil /g
```

`E. South America Standard Time` ብሎ መለሰ። በቃ፣ ራውተሩ ንጹህ ነው። መፍትሄው፦

```
tzutil /s "E. Africa Standard Time"
w32tm /resync
```

ሁለተኛውን መስመር በአስተዳዳሪ መብት በተከፈተ መስኮት ጻፉት። በቅንብር በኩል ከሄዳችሁ ዝርዝሩ ውስጥ አዲስ አበባን አትፈልጉ፤ ዊንዶውስ የእኛን ቀጠና `(UTC+03:00) Nairobi` ብሎ ነው የሚጽፈው። እዚህ ላይ የሚረሳ ነገር አለ፦ መልእክት መተግበሪያው የራሱ የሰዓት ቀጠና ቅንብር አለው። ላፕቶፑ ተስተካክሎ እሱ ብራዚል ሊቀር ይችላል። ገብታችሁ እዩት። ከዚያ አንድ ባልደረባ ስማችሁን ጠርቶ እንዲሞክር ጠይቁ፤ ሳይጮህ ሥራ አታንሡ።

የሀበሻ ሰዓት ማየት ከፈለጋችሁ ግድግዳ ላይ ስቀሉ። ላፕቶፑን ተዉት!

ቀጠናውን ትቶ ሰዓቱን ራሱን በእጅ 6 ሰዓት ወደኋላ የሚመልስም አለ። እሱ ይባስ ነው፤ የስብሰባ ማስታወሻው ስብሰባው ካለቀ በኋላ ይደርሳል። በስልክ ከሆነ ደግሞ በየ30 ሰከንዱ የሚቀያየረው የመግቢያ ቁጥር አይሠራም።

ምልክት፦ ትናንት የነበረው ስብሰባ ዛሬ ሰዓቱ ተቀይሯል

የተበላሸ ነገር የለም። እኛ ሰዓት አንቀይርም፣ እነሱ ይቀይራሉ። ኒው ዮርክ 10:00 ላይ የሚሰበሰብ ቡድን በበጋቸው ለእኛ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው፤ በክረምታቸው ምሽት 12 ሰዓት። አሜሪካ የምትቀይረው በማርች ሁለተኛ እሑድና በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ነው፤ አውሮፓ በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ። ቡድናችሁ ከሁለቱም ወገን ሰው ካለው በመሃል ያሉት ሳምንታት ይደበላለቃሉ። ስብሰባውን በቃል አትያዙ፣ ካሌንደሩ ላይ እዩት። ሰዓት ስትቀጣጠሩም «በ3» ብቻ ብላችሁ አትጻፉ፤ `09:00 EAT` በሉ።

ምልክት፦ አሳሹ `NET::ERR_CERT_DATE_INVALID` ብሎ ገጽ አይከፍትም

መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ቀኑ ዓመታት ወደኋላ ሄዷል። ውስጥ ያለችው የሰዓት ባትሪ ሞታለች። ብዙ ጊዜ CR2032 ናት፤ አስለውጡ። ርካሽ የገበያ ባትሪ ገዝቶ በወሩ ተመልሶ የሚያለቅስ አላዝንለትም።

ሌሎች

ማይክ አይሰማም፦ ሌላ ፕሮግራም ይዞታል፣ ዝጉት። ቪፒኤን አይገናኝም፦ የስልክ ኢንተርኔት ላይ ሞክሩ። ሁለት ሰው አንድ ሥራ ጀምሯል፦ አንዱ ከማታ ጀምሮ የተከፈተ ገጽ እያየ ነው። F5 ተጫኑ፣ ስማችሁን ሥራው ላይ አስገቡ፣ ከዚያ ጀምሩ።