«ሽፍታ» ያስመረጠኝ መዝገበ ቃላት

«ልጁ ገላው ላይ ሽፍታ ወጣበት» የሚለውን የሕክምና ማስታወሻ ወደ እንግሊዝኛ ስመልስ፣ የተጠቀምኩበት የትርጉም ገጽ የቆዳውን ሽፍታ የጫካ ወንበዴ አደረገው። ለማረጋገጥ ሌሎች ሦስት ገጾች ከፈትኩ፤ ሦስቱም ወንበዴ አሉ። አራት ምስክር ያገኘሁ መስሎኝ ነበር።

ነገሩ የገባኝ አንድ የፊደል ግድፈት በአራቱም ላይ በተመሳሳይ ቃል ሥር ሳይ ነው። ሁሉም የቀዱት ከአንድ የቃላት ዝርዝር ነበር። የተተረጎመውን መልሶ ወደ አማርኛ ማስተርጎምም አልረዳኝም፤ ወንበዴው ተመልሶ «ሽፍታ» ስለሚሆን ስህተቱ ይደበቃል።

ከዚያ በኋላ አዲስ ገጽ የምፈትነው መልሳቸውን አስቀድሜ በማውቃቸው ቃላት ነው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው። ሁለቱን ለይቶ የማያስቀምጥ መዝገበ ቃላት ከእኔ ዝርዝር ይወጣል። ቀጥሎ «ፀሐይ»ን በ«ጸሀይ» ጭምር እፈልጋለሁ። እዚህ ግን አልቸኩልም፤ ጥሩ መዝገብ ሆኖ ፍለጋው ብቻ የተለያየ አጻጻፍን እንደ አንድ ቃል የማይቆጥር አለና።

በመጨረሻ የያዝኩት ገጽ ቃሉ ከየትኛው የታተመ መዝገበ ቃላት እንደተወሰደ ይናገራል፣ ምሳሌ ዓረፍተ ነገርም ይሰጣል። የቃሉ ብዛት ከሌሎቹ ያነሰ ነው። ማንም ሊያርመው በሚችለው የኢንተርኔት መዝገበ ቃላት በዊክሽነሪ ላይም የለውጥ ታሪኩን ከፍቼ ማን መቼ እንዳረመው አያለሁ። የሕክምና ቃል ሲሆን ግን፣ ገጹ ሁሉንም ፈተና ቢያልፍም፣ ሙያውን ለሚያውቅ የቋንቋው ተናጋሪ ሳላሳይ አልልክም።